ዝምታ ሁሉ መጨረሻ አይደለም፦ የጁዝ ዐማን ካሴት በየሱራው ስለ መክፈል

 

ከሚሴና አካባቢዋ ባሉ ብዙ ቤቶች፣ ከቁም ሳጥን ላይ ወይም ከአልጋ ስር፣ በካርቶን የታጨቁ ካሴቶች አሉ። የቆዩ ደርሶች፣ የሐድራ መንዙማዎች፣ የሸሆች ዱዓ፣ የቁርኣን ቂርኣት። ማጫወቻ ቴፑ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ስለዚህ አሁን አሁን ልጆች ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር እየገለበጡ በቴሌግራምና በሚሞሪ ካርድ ያሰራጩታል። ከተገለበጠ በኋላ የሚገኘው ግን አንድ ረጅም ፋይል ነው፤ አርባ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ሱረቱል ማዑንን ሊሐፍዝ የተቀመጠ የስምንት ዓመት ልጅ ያን ፋይል ከፍቶ በጣቱ ወደፊትና ወደኋላ እየጎተተ ሲፈልግ መዋል የለበትም። ስለዚህ ፋይሉ መከፈል አለበት፤ እያንዳንዱ ሱራ ለብቻው፣ በስሙና በተራው።

እኔ የምህንድስና ተማሪ ስለሆንኩ ይህ ሥራ ወደ እኔ መጣ። አንድ የሰፈራችን ቤተሰብ፣ ሟች አባታቸው ለቁርኣን ቤት ልጆቻቸው የቀሩትን ጁዝ ዐማ በዘጠና ደቂቃ ካሴት ቀድተው ትተውላቸው ነበር። አባትየው ከሱረቱ ነበእ ጀምረው ሳይድ ኤን በሱረቱል በለድ ጨርሰዋል፤ ይህ 13 ሱራ ነው። ሳይድ ቢ ከሱረቱ ሸምስ እስከ ሱረቱ ናስ ያለውን 24 ሱራ ይዞ በ27 ደቂቃ አካባቢ ያልቃል። በድምሩ 37 ሱራ፣ ማለትም ጁዙ በሙሉ። በዚህ ጽሑፍ የማወራው ስለ ሳይድ ቢ ብቻ ነው፤ ሱራዎቹ አጫጭር ስለሆኑ ችግሩ ሁሉ እዚያ ጎልቶ ይታያል።

አስቀድሜ የምለውን ነገር ልናገር። ድምፅ የሚከፍሉ ፕሮግራሞች ዝምታ ያለበትን ቦታ ፈልገው እዚያ ላይ ይቆርጣሉ። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ግን ዝምታው ምን ያህል ሰከንድ እንደቆየ ብቻ ነው። ሰውየው ዝም ያለው ለምን እንደሆነ አያውቅም። በቁርኣን ንባብ ደግሞ ዋናው ጥያቄ «ለምን ዝም አለ?» የሚለው ነው።

ፕሮግራሙ ዝምታ የሚለው ምንን ነው?

በኮምፒውተር ውስጥ ድምፅ የቁጥሮች ሰልፍ ነው፤ በተለመደው አቀዳድ በአንድ ሰከንድ 44,100 ቁጥሮች አሉ። ከፍተኛው ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ዜሮ ዴሲቤል ይባላል፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በታች ስለሆነ በነጌቲቭ ይጻፋል። ከዜሮ 60 ዴሲቤል ዝቅ ያለ ድምፅ ከጣሪያው አንድ ሺኛ ነው። 36 ዴሲቤል ዝቅ ያለው ደግሞ ከጣሪያው አንድ ስድሳኛ ግድም ይሆናል።

እኔ የተጠቀምኩት `ffmpeg` የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ነው። በውስጡ `silencedetect` የሚባል ክፍል አለ። ለዚህ ክፍል ሁለት ነገር ትነግሩታላችሁ፦ ከምን ያህል ድምፅ በታች ያለው ዝምታ ይባል፣ እና ዝምታው ስንት ሰከንድ ከቆየ ይመዝገብ። ምንም ካልነገራችሁት በራሱ 60 ዴሲቤል ዝቅታና 2 ሰከንድ ይወስዳል።

በዚህ ልኬት ካሴቱን ስሰጠው በንባቡ ውስጥ አንድም ዝምታ አላገኘም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ካሴት ዝም አይልም። ቃሪኡ ትንፋሽ ሲወስዱ እንኳ ከሥር ሽሽሽ የሚል የቴፑ ድምፅ አለ፤ ቅጂው የተደረገበት ክፍል የራሱ ድምፅም አለበት። ስለዚህ ወሰኑ ከዚህ ሽሽታ በላይ፣ ከቃሪኡ ድምፅ በታች መቀመጥ አለበት። ለዚህ ሽሽታው መለካት ይኖርበታል።

የሚለካበት ቦታ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የካሴቱን ባዶ መጨረሻ ይለካል፤ ምክንያቱም ማንም ስለማይናገርበት ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን እዚያ ምንም ስላልተቀዳ የክፍሉ ድምፅ የለበትም፤ ስለዚህ ከእውነተኛው ያነሰ ቁጥር ይሰጣል። መለካት ያለበት በሁለት ሱራ መካከል ያለው ዕረፍት ነው፤ ማይኩ ክፍት ሆኖ ሰውየው ዝም ያሉበት ቦታ። በጆሮዬ አንድ ጥሩ ዕረፍት መርጬ ከ1284.5ኛው ሰከንድ ጀምሮ ሁለት ሰከንድ ለካሁ፦

```
ffmpeg -ss 1284.5 -t 2 -i kaset_b.wav -af volumedetect -f null -
```

መልሱ ሁለት ቁጥር ነው። `mean_volume` አማካዩን፣ `max_volume` ደግሞ ከፍተኛውን ያሳያል። የእኔ ካሴት አማካዩ -51፣ ከፍተኛው -39 ሆነ። እዚህ ላይ መታየት ያለበት ከፍተኛው ነው። `silencedetect` እያንዳንዱን ቁጥር ለየብቻው ስለሚያይ፣ በመካከል አንዲት ቁጥር እንኳ ከወሰኑ ካለፈች «ዝምታው አበቃ» ይላል። በአማካዩ ተመርቶ -48 የሚል ሰው አሁንም ምንም አያገኝም። እኔ ከከፍተኛው ትንሽ ከፍ አድርጌ -36 ያዝኩ። የቃሪኡ ድምፅ በአማካይ -22 ግድም ስለነበር በመካከሉ በቂ ቦታ አለ።

ሁለተኛው ቁጥር፦ ስንት ሰከንድ?

ወሰኑ ከተያዘ በኋላ ትእዛዙ ይህን ይመስላል፦

```
ffmpeg -i kaset_b.wav -af silencedetect=noise=-36dB:d=2 -f null -
```

ፕሮግራሙ ያገኘውን ዝምታ ሁሉ ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ሰከንድ ጋር ይዘረዝራል። ሳይድ ቢ 24 ሱራ ስላለው የምንፈልገው 23 መቁረጫ ነው። የተገኘው ዝምታ ግን 41 ሆነ። ሁሉንም አንድ በአንድ ሰማኋቸው። 20ዎቹ በእርግጥ በሁለት ሱራ መካከል ያሉ ናቸው። 9ኙ ከቢስሚላሂ በኋላ፣ ሱራው ከመጀመሩ በፊት ያሉ ናቸው። 10ሩ በአንድ ሱራ ውስጥ በአያና በአያ መካከል ናቸው። 2ቱ ደግሞ አባትየው ሲያስሉ ጉሮሯቸውን ለመጥረግ የጠበቁባቸው ናቸው። ሦስት ትክክለኛ የሱራ ድንበሮች ደግሞ ከነጭራሹ አልተገኙም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ሰከንዱን ይነካካል። ሦስት ሰከንድ ሳደርገው ዝምታዎቹ ወደ 11 ወረዱ፤ ከእነሱ ትክክለኛ ድንበር የሆኑት 8 ብቻ ናቸው። ወደ 1.4 ሰከንድ ሳወርደው 23ቱም ድንበሮች ተገኙ፤ ዝርዝሩ ግን 118 ሆነ። ማለትም ትክክለኛውን ሁሉ የሚይዝና ሌላውን የሚተው ሰከንድ የለም። ልኬቱን በማሻሻል የሚፈታ ነገር እንዳልሆነ የሚያሳየው ይህ ነው።

ለምን እንደሌለ ሁለት መስመሮችን ጎን ለጎን ማየት በቂ ነው። የመጀመሪያው በሱረቱል ማዑን ውስጥ፣ በአራተኛውና በአምስተኛው አያ መካከል ያለ ነው፦

```
silence_start: 1313.21
silence_end: 1315.52 | silence_duration: 2.31
```

ይህ 2.31 ሰከንድ ነው። በሱረቱል ፈለቅና በሱረቱ ናስ መካከል ያለው ዕረፍት ደግሞ 1.52 ሰከንድ ብቻ ነው፤ አባትየው ሁለቱን አያይዘው ማንበብ የለመዱ ይመስለኛል። እንግዲህ በአንድ ሱራ መሃል ያለው ዝምታ ሁለት ሱራን ከሚለየው ዝምታ ይረዝማል። በርዝመት የሚዳኝ ፕሮግራም ማዑንን ለሁለት ይሰነጥቃል፤ ፈለቅንና ናስን ደግሞ አንድ ያደርጋል።

ማዑን እንደዚህ ቢሰነጠቅ የሚመጣውን ነገር መድረሳ የገባ ሁሉ ያውቀዋል። አራተኛው አያ ስለ ሰጋጆች የተነገረ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የትኞቹ ሰጋጆች እንደሆኑ የሚለየው አምስተኛው ነው። የአያ ራስ ስለሆነ አራተኛው ላይ ትንፋሽ መውሰድ ይቻላል የሚሉ ዑለማዎች አሉ፤ እዚያ ላይ መቆምን የሚያስጠነቅቁም አሉ። ንባቡን እዚያ ላይ ዘግቶ መነሣት ግን ትርጉሙን ይገለብጠዋል፤ ሶላት የሚሰግድን ሰው ሁሉ የሚያስፈራራ ያስመስለዋል። በፕሮግራም የተቆረጠ ትራክ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ትራኩ ያልቃል፤ ስልኩ ዝም ይላል፤ ልጁም ሱራው እዚያ የሚያልቅ መስሎት ይሐፍዘዋል።

ተጅዊድ ዝምታን ለሦስት ይከፍላል

ይህን ልዩነት የቂርኣት ዑለማዎች ከኮምፒውተር በፊት ብዙ መቶ ዓመታት ቀድመው በስም ለይተውታል። በ833 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ኢማም ኢብኑል ጀዘሪ «አን-ነሽር» በተባለው ኪታባቸው ሦስቱን ቃላት ያብራራሉ። ቀደምቶቹ ብዙ ጊዜ አንዱን በሌላው ቦታ ይጠቀሙበት እንደነበር፣ ኋለኞቹ ግን እንደለዩአቸው ይገልጻሉ።

የመጀመሪያው ሰክት ነው። ድምፅ ለአጭር ጊዜ ይቋረጣል፣ ትንፋሽ ግን አይወሰድም። በሐፍስ ንባብ የታወቁት አራት ቦታዎች በካህፍ፣ በያሲን፣ በቂያማህና በሙጠፊፊን ውስጥ ናቸው። የመጨረሻው ጁዝ ዐማ ውስጥ ስለሆነ በዚህ ካሴት ሳይድ ኤ ላይ አለ። በጣም አጭር ስለሆነ በ1.4 ሰከንድ ልኬት አይያዝም።

ሁለተኛው ወቅፍ ነው። ቃሪኡ ድምፁን አቋርጦ ትንፋሽ ይወስዳል፤ ልቡ ውስጥ ግን ንባቡን ለመቀጠል አስቧል። በማዑን ውስጥ ያየነው 2.31 ሰከንድ ወቅፍ ነው።

ሦስተኛው ቀጥዕ ነው። ንባቡን ጨርሶ መተው፤ ቃሪኡ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል።

ወቅፍና ቀጥዕ የሚለያዩት በርዝመት እንዳልሆነ ልብ በሉ። የሚለያቸው ኒያ ነው። ሁለቱም በድምፅ ፋይሉ ላይ ከሽሽታ በቀር ምንም የሌለበት ጠፍጣፋ መስመር ሆነው ይታያሉ። አንዱ አራት ሰከንድ ወቅፍ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ግማሽ ሰከንድ ቀጥዕ ሊሆን ይችላል። ትራክ ስንከፍል ደግሞ እኛ በቃሪኡ ንባብ ላይ ቀጥዕ እየጨመርን ነው፤ እሳቸው ሊቀጥሉ ያሰቡበት ቦታ ላይ «ጨርሰዋል» እንላለን። ስለዚህ የሚቆረጠው የሱራ መጨረሻ ላይ ብቻ መሆኑን የሚወስነው የቀሩትን የሚያውቅ ጆሮ ነው።

ያልተገኙት ሦስቱ ድንበሮችም ይህንኑ ያሳያሉ። ሁለቱ እንደ ፈለቅና ናስ አጭር ዕረፍት ያላቸው ናቸው፤ አንዱ ኢኽላስንና ፈለቅን የሚያገናኘው ነው። ሦስተኛው በዘልዘላህና በዓዲያት መካከል ያለው ሲሆን ዕረፍቱ ከሦስት ሰከንድ ይበልጣል። ግን በመሃሉ የካሴቱ ጠቅታ አለ፤ ቀ የምትል አንዲት ድምፅ። ያቺ ጠቅታ ዝምታውን 1.2 እና 1.9 ሰከንድ አድርጋ ለሁለት ስለከፈለችው ሁለቱም ከ2 ሰከንድ አነሱ። እንዲህ ያለው የሚታወቀው ሁለት ሱራ በአንድ ትራክ ውስጥ ሆኖ፣ በመሃላቸው ረጅም ዕረፍት በጆሮ ሲሰማ ነው።

ሥራው እንዴት ሄደ

ፕሮግራሙን እንዲቆርጥ ሳይሆን እንዲጠቁም ብቻ አደረግሁት። ሰፊውን ዝርዝር፣ በ1.4 ሰከንድ የተገኘውን 118 ዝምታ ወሰድኩ፤ ምክንያቱም ከዝርዝር ውስጥ የማይፈለገውን መሰረዝ ቀላል ነው፣ የሌለውን መፈለግ ግን ከባድ ነው። እያንዳንዱን ለመስማት አምስት ሰከንድ ይበቃል፤ ከዝምታው በፊት ያለውን የመጨረሻ ቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያ ቃል። 118 ሲባዛ በ5 አሥር ደቂቃ ያህል ነው። 27 ደቂቃውን ሙሉ በሙሉ እየሰሙ ድንበር ከመፈለግ ይሻላል።

መለያው አንድ ነው፦ ከዝምታው በኋላ የሚመጣው ቃል ቢስሚላሂ ነው ወይስ አይደለም? በዚህ ካሴት ክፍል ሱረቱ ተውባ ስለሌለች ሁሉም ሱራ በቢስሚላሂ ይጀመራል። ስለዚህ ከቢስሚላሂ በፊት ያለው ዝምታ ድንበር ነው፤ ከቢስሚላሂ በኋላ ያለው አይደለም። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በ2 ሰከንዱ ዝርዝር ውስጥ 9 ጊዜ ከቢስሚላሂ በኋላ የተቆረጠው በፕሮግራም ብቻ ለሚሠራ ሰው ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ዘጠኝ ሱራዎች ቢስሚላሂያቸው ባለፈው ሱራ ጅራት ላይ ቀርቶ ይጀምራሉ።

ቀጥሎ በዝምታው ውስጥ የቱ ጋ ይቆረጥ የሚለው ነው። `silence_start` ላይ መቁረጥ ጥሩ አይደለም። የቃል መጨረሻ ላይ ያለች ቀስ ያለች «ህ» ወይም የምትሟሽሽ «ን» ከ-36 በታች ስለምትወርድ ፕሮግራሙ ዝምታ አድርጎ ቆጥሯታል። እዚያ ከተቆረጠ ቃሉ የተነከሰ ይመስላል፤ ለሚሐፍዝ ልጅ ደግሞ ይህ የፊደል ጉዳይ ነው። እኔ የዝምታውን መሃል ያዝኩ። በቁረይሽና በማዑን መካከል ዝምታው ከ1284.18 እስከ 1287.02 ስለነበር መሃሉ 1285.6 ነው። ከሁለቱም ወገን 1.4 ሰከንድ ይተርፋል።

እነዚህን ቁጥሮች በአንድ የጽሑፍ ፋይል ጻፍኳቸው። በየመስመሩ መጀመሪያ፣ መጨረሻ፣ ስም፤ በመካከላቸው የታብ ክፍተት፦

```
1245.2	1285.6	16_106_quraysh
1285.6	1335.9	17_107_maun
1335.9	1360.4	18_108_kawthar
```

ይህን ፋይል ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ የድምፅ ማረሚያ ይቀበለዋል። ከድምፁ ሥር እንደ ምልክት ይደረድረዋል፤ ያልተስማማንን ምልክት በመዳፊት ጎትቶ ማስተካከል ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉንም በየስሙ በአንድ ጊዜ ያወጣል። ከስሙ መጀመሪያ ያለው ቁጥር በካሴቱ ላይ ያለው ተራ ነው፤ ቀጥሎ ያለው የሱራው ቁጥር ነው። ተራው ከሌለ ስልኩ በፊደል ይደረድራቸውና ከሸምስ ይጀምር የነበረው ካሴት ከሌላ ሱራ ይጀምራል። ከአሥር በታች ያሉትን 01፣ 02 እያልኩ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው፤ አለበለዚያ 10 ከ2 በፊት ይመጣል።

ካሴቱን መጀመሪያ የገለበጥኩት በ`wav` ነው። በአንድ ቻናል 27 ደቂቃው 143 ሜጋባይት ያህል ወሰደ፤ ለላፕቶፕ ብዙ አይደለም። የተቆረጠውም እሱ ነው፤ ወደ `mp3` የተቀየሩት ትራኮቹ ካለቁ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ። `mp3` ድምፁን ለማሳነስ ትንሽ ትንሽ ነገር ይጥላል፤ ከፍቶ ቆርጦ እንደገና ማስቀመጥ ደግሞ ሌላ ይጥላል። በእጃችሁ ያለው ከቴሌግራም የመጣ `mp3` ብቻ ከሆነ ግን እንደገና ሳይጨመቅ መቁረጥ ይቻላል፦

```
ffmpeg -i kaset_b.mp3 -ss 1285.6 -to 1335.9 -c copy 17_107_maun.mp3
```

`-c copy` ማለት ድምፁን አትንካ፣ ብቻ ለያይ ማለት ነው። የሚያስከፍለው ዋጋ መቁረጫው በፈለጋችሁበት ትክክለኛ ቅጽበት ላይ አለመዋሉ ነው። `mp3` በቁርጥራጭ የተሠራ ነው፤ አንዱ ቁራጭ 1152 ናሙና፣ ማለትም 26 ሚሊሰከንድ ይይዛል፤ መቁረጥ የሚቻለው በቁራጮቹ መካከል ነው። በዝምታ መሃል ለሚቆርጥ ሰው ይህ አይሰማም።

በመጨረሻ ትራኮቹን ካሴቱን ለማያውቅ ነገር ግን ቁርኣኑን ለሚያውቅ ሰው ማሰማት ያስፈልጋል። እኔ ወደ ቀራሁባቸው ሸህ ይዤ ሄድኩ። የእያንዳንዱን ትራክ መጀመሪያና መጨረሻ ብቻ ሰሙ፤ ሃያ አራቱንም። ከዚያ ጠየቁኝ፦

«ማዑን ላይ ለብቻው የቆረጠው ማሽኑ ነው ያልከኝ፤ ታዲያ ማን መለሰው?»

«እኔ ነኝ ሸሃችን። ሳዳምጠው አያው አላለቀም ነበር።»

«አያውስ አልቋል፤» አሉኝ። «ያላለቀው ንግግሩ ነው።»

ከዚህ የተሻለ አባባል የለኝም። አያው አልቋል፣ ድምፁ ተቋርጧል፣ ትንፋሽ ተወስዷል፤ ንግግሩ ግን አላለቀም።

ዝምታ የሌለበት ካሴትስ?

ከዚያ ካርቶን ውስጥ የሐድራ ካሴትም ወጣ። እዚህ ላይ የዝምታ ፍለጋ ጨርሶ አይሠራም። በእኛ አካባቢ መንዙማ ላይ አውጪው ይላል፣ ተቀባዮቹ ይመልሳሉ፣ ድቤና ጭብጨባ ከሥር አለ። አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ይቀበላል። ተቀባዮቹ ያለፈውን መንዙማ አዝማች እየመለሱ ሳለ አውጪው አዲሱን ይጀምራል። በሁለት መንዙማ መካከል ያለው ቦታ ዝም ያለ ሳይሆን ይበልጥ የሚሞቅበት ሊሆን ይችላል። በጣም ጸጥ ያለው ደግሞ ድቤው ሳይገባ አውጪው ብቻውን ቀስ ብሎ የሚያወርድበት፣ ማለትም የመንዙማው ልብ ነው። ፕሮግራሙ ቢቆርጥ የሚቆርጠው እሱን ነው።

ስለዚህ በሰዓት መክፈል ብቻ ይቀራል፤ እየሰሙ ደቂቃና ሰከንድ መጻፍ። ምልክቱ አዲስ አዝማች ነው። አውጪው አዲስ አዝማች ሰጥቶ ተቀባዮቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመልሱት አዲስ መንዙማ ተጀምሯል፤ መቁረጫው አውጪው አዝማቹን መስጠት የጀመረበት ቦታ ነው። ዜማው ቢቀየር፣ ድቤው ቢፈጥን፣ ወይም ቋንቋው ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ወይም ወደ ዐረብኛ ቢሻገር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በአንድ መንዙማ ውስጥ ሁሉም ሊከሰት ይችላል። ኦሮምኛውን የማይሰማ ሰው የከሚሴን ሐድራ መክፈል የሚቸገረው ለዚህ ነው።

የሁለቱ መንዙማዎች ድምፅ በተደራረበበት ቦታ ደግሞ አንዱን መጉዳት ግድ አይደለም። ከላይ ያየነው ፋይል ለእያንዳንዱ ትራክ የራሱ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። የመጀመሪያው መጨረሻ የሁለተኛው መጀመሪያ እንዲሆን የሚያስገድድ ነገር የለም። የመጀመሪያው ተቀባዮቹ እስኪጨርሱ ይሂድ፤ ሁለተኛው አውጪው ካነሣበት ይጀምር፤ አራት አምስት ሰከንድ በሁለቱም ትራክ ውስጥ ይኑር። በመካከል ዱዓ ተደርጎ «አሚን» ከተባለ እኔ ዱዓውን ራሱን የቻለ ትራክ አድርጌዋለሁ፤ ላለፈው ይሁን ለሚመጣው እኔ የምወስነው ስላልሆነ።

ሳይድ ኤ መጨረሻ ላይ ቴፑ ያለቀበት መንዙማም ነበር፤ ካሴቱ ተገልብጦ ሳይድ ቢ ላይ ከመሃሉ ይቀጥላል። ሁለቱን አልገጠምኳቸውም። በመካከል የጠፋው ስንት ስንኝ እንደሆነ አይታወቅም፤ ቢገጠም ያልተባለ ነገር እንደተባለ ይሆናል። በስማቸው ላይ «ሳይድ ኤ መጨረሻ» እና «ሳይድ ቢ መጀመሪያ» ተብሎ ተጽፎ ለየብቻ ተቀምጠዋል።

የሁለቱም ካሴቶች ያልተቆረጠ ሙሉ ፋይል ከሰዓት ዝርዝሩ ጋር በቤተሰቡ ዘንድ አለ። ዝርዝሩ ጥቂት መስመር ጽሑፍ ነው፤ ነገ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አንዱ መቁረጫ ትክክል አይደለም ቢል ቁጥሩን ቀይሮ እንደገና ማውጣት ይችላል። በቤታችሁ ካሴት ያላችሁና ለመክፈል ያሰባችሁ፣ የካሴቱን ቋንቋና ንባብ የሚያውቅ ሰው አብሯችሁ ቁጭ ብሎ እንዲሰማ አድርጉ። ጁዝ ዐማውን ትተውልን የሄዱትን አባት አላህ ይማራቸው፣ ቀብራቸውን ሰፊ ያድርግላቸው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።